«አስፈላጊው ጥንቃቄ ይደረጋል»፦ የተማሪዎች ጉብኝት ፈቃድ መጠየቂያ ደብዳቤ በቆቃ ጉዞ ማሳያነት

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ አንድ መምህር ተማሪዎችን ከትምህርት ቤት ውጭ ለማስጎብኘት ለአስተዳደር የሚያቀርበውን የፈቃድ መጠየቂያ ደብዳቤ ይመረምራል። የመከራከሪያ ነጥቡ አንድ ነው፦ በአማርኛ የቢሮ ደብዳቤ የተለመደው አድራጊውን የሚሰውር የተደራጊ ግሥ (ይደረጋል፣ ይወሰዳል፣ ታስቧል) ሥጋቱን፣ ክትትሉንና የወላጅ ፈቃዱን ባለቤት አልባ ያደርጋቸዋል። ለማሳያነት ከአዳማ ወደ ቆቃ ግድብና ሐይቅ የሚደረግ የአንድ ቀን ጉብኝት ተወስዷል። ደብዳቤዎቹ ለዚሁ ጽሑፍ የተዘጋጁ ናሙናዎች ሲሆኑ የቦታው ሁኔታ ግን እውነተኛ ነው።

1. መነሻ

ቆቃ ለአዳማና ለአካባቢዋ ከተሞች ትምህርት ቤቶች ቅርብ የመስክ መማሪያ ነው። በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የግንባታው ወጪ የተሸፈነው ጣሊያን ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦርነት ካሣ ነው። የኃይል ማመንጫው 43.2 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ተገጥሞለታል። ከግድቡ ኋላ የተኛው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ደግሞ አዋሽና ሞጆ ወንዞች ተሸክመውት በሚመጡት ደለል ምክንያት ውኃ የመያዝ ዐቅሙ ከዓመት ወደ ዓመት ሲቀንስ ኖሯል። ስለዚህ አንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ታሪክን፣ የኤሌክትሪክ ኃይልንና የአፈር መሸርሸርን በአንድ ቀን፣ በአንድ ስፍራ ሊማር ይችላል።

ይኸው ስፍራ ግን ጉማሬና አዞ ያለበት፣ ውኃው ለመጠጥ የማይታመን፣ ወባ የሚገኝበትና ከባድ ተሽከርካሪ በሚበዛበት መንገድ የሚደረስበት ነው። ጉዞውን የሚያጸድቀው ርዕሰ መምህር አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን ሳያይ ይወስናል። በእጁ ያለው ማስረጃ የመምህሩ ደብዳቤ ብቻ ነው። ደብዳቤው ውሳኔውን ለመሸከም የሚበቃ ነገር ካልያዘ ውሳኔው በእምነት እንጂ በመረጃ የተሰጠ አይሆንም።

2. የተለመደው ደብዳቤና ግሦቹ

የሚከተለው ናሙና በየትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት የሚገኘውን ዓይነት ደብዳቤ ያሳያል፦

«ጉዳዩ፦ የትምህርት ጉብኝት ፈቃድ ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ወደ ቆቃ የትምህርት ጉብኝት እንዲያደርጉ ስለታሰበ፣ በጉዞው ወቅት አስፈላጊው ጥንቃቄ የሚደረግ መሆኑንና የወላጆችም ስምምነት የተገኘ መሆኑን እየገለጽን፣ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልን በትሕትና እንጠይቃለን። ከሠላምታ ጋር።»

ደብዳቤው ሥርዓቱን የጠበቀ ነው። ርዕስ አለው፣ ምክንያት አለው፣ ትሕትና አለው። ሦስቱ ዋና ጉዳዮች ግን እያንዳንዳቸው በተደራጊ ግሥ ታልፈዋል። ጉብኝቱ «ታስቧል»፤ ማን እንዳሰበውና ለየትኛው የትምህርት ዓላማ እንደሆነ አይታወቅም። ጥንቃቄው «ይደረጋል»፤ አድራጊው የለም። ስምምነቱ «ተገኝቷል»፤ ወላጆች ምን ተነግሯቸው በምን እንደተስማሙ አይታይም። «አስፈላጊው» የሚለው ቅጽል ሁለት ጊዜ መጥቷል፤ በሁለቱም ቦታ ዝርዝሩን ተክቶ ቆሟል።

የተደራጊ ግሥ በራሱ ስሕተት አይደለም። የቢሮ አማርኛ ትሕትናን የሚገልጽበት አንዱ መንገድ ነው፤ «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ማለት በአለቃ ፊት ድፍረት መስሎ ሊታይ ይችላል። ችግሩ የሚጀምረው የትሕትናው ግሥ የኃላፊነቱን ቦታ ሲይዝ ነው። ይህንን ለመለየት የሚያስችል ቀላል መፈተሻ አለ፦ በእያንዳንዱ ግሥ ላይ «ማን?» ብሎ መጠየቅ። መልሱ ከደብዳቤው ውስጥ ካልተገኘ፣ በጉዞው ቀንም ሥራውን የሚሠራ ሰው ላይገኝ ይችላል። ሁሉም መምህር ሌላው ያየዋል ብሎ የሚተወው ልጅ የሚፈጠረው ከዚህ ክፍተት ነው።

ደብዳቤ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል የእንግሊዝ አንድ ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በማርች 1993 ከፕሊመዝ ከተማ የመጡ ተማሪዎች በላይም ቤይ የባሕር ወሽመጥ በታንኳ ሲቀዝፉ ባሕሩ ወስዷቸው አራቱ ሞቱ። ከአደጋው ወራት በፊት የጀብድ ማዕከሉ የቀድሞ አሠልጣኝ የደኅንነት ጉድለቱን ገልጻ ለኃላፊው ደብዳቤ ጽፋ ነበር። ማስጠንቀቂያው ደርሶ እርምጃ አለመወሰዱ በፍርድ ሂደቱ ከባድ ክብደት አገኘ፤ ኩባንያውና ኃላፊው በሰው መግደል ጥፋተኛ ተባሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ የወጣቶች ጀብድ ማዕከላትን የሚቆጣጠር ሕግ ወጣ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሥጋትን በስሙ ጠርቶ የሚጽፍ ደብዳቤ ተቀባዩን ያውቅ ዘንድ እንደሚያስገድደው ነው። ሥጋትን የማይጠራ ደብዳቤ ጸሐፊውንም ተቀባዩንም ባለማወቅ ውስጥ ያቆያል።

3. ሥጋት፦ ቦታውን በደብዳቤ ውስጥ ማሳየት

ሥጋትን መግለጽ ማለት አስፈሪ ነገሮችን መደርደር ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ሥጋት ከሦስት ነገሮች ጋር መያያዝ አለበት፦ ልጁን የት ያገኘዋል፣ የትኛው የትምህርት ዓላማ ወደዚያ ያደርሰዋል፣ ምን ዓይነት ውሳኔ ያስቀረዋል። የቆቃ ጉዳይ ይህንን አካሄድ በግልጽ ያሳያል።

የመጀመሪያው የውኃው ዳርቻ ነው። ጉማሬ ቀኑን በአብዛኛው በውኃ ውስጥ አሳልፎ ሲመሽ ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣል፤ በተለይ አደገኛ የሚሆነው ሰው በእርሱና በውኃው መካከል ሲገባ ነው። አዞ ደግሞ ጥልቀት በሌለው ጠርዝ ተደብቆ ያደባል። ስለዚህ «ልጆቹ እንዳይዋኙ እንከለክላለን» የሚለው እርምጃ አይበቃም፤ ሥጋቱ ከመዋኘት በፊት፣ እጅ ለመታጠብ ወይም ፎቶ ለመነሣት ወደ ጠርዙ በሚደረግ እርምጃ ይጀምራል። እዚህ ላይ ዓላማውን መጠየቅ ይጠቅማል። የደለልን ጉዳይ ለማስተማር ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ የሐይቁን ቅርጽ ማየትና የተዘጋጀ ካርታ መመልከት ይበቃል። ወደ ጠርዙ መውረድ ለትምህርቱ የሚጨምረው ነገር ከሌለ ከመርሐ ግብሩ መውጣት አለበት። የጀልባ ጉዞም እንዲሁ ነው፤ ከተፈለገ የራሱ ዓላማ፣ የራሱ የሕይወት ማዳኛ ጃኬትና የራሱ ፈቃድ ያለው ሌላ ጥያቄ ሆኖ ይቀርባል እንጂ በጉብኝቱ ውስጥ «ጊዜ ከተረፈ» ተብሎ አይገባም።

ሁለተኛው የመጠጥ ውኃ ነው። በቆቃ ሐይቅ ላይ ማይክሮሲስቲስ የሚባል የሳያኖባክቴሪያ ዝርያ በብዛት ሲራባ ውኃው አረንጓዴ ይሆናል። ይህ ተሕዋስ የሚያመነጨው ማይክሮሲስቲን የተባለ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ ውኃን በማፍላትም አይጠፋም። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ «ውኃ አፍልተን እንጠቀማለን» የሚል ጥንቃቄ ቢጻፍ፣ ጥንቃቄ መስሎ ሥጋቱን እንዳለ የሚተው ይሆናል። ትክክለኛው ውሳኔ ውኃን ከአዳማ ይዞ መሄድ ነው። 40 ተማሪዎችና 6 አዋቂዎች ለእያንዳንዳቸው 2 ሊትር ቢታሰብላቸው 92 ሊትር ያስፈልጋል። ቁጥሩ በደብዳቤው ላይ ሲሰፍር ማን እንደሚገዛውና በየትኛው በጀት እንደሚገዛ የሚለው ጥያቄ አብሮ ይነሣል፤ ይህም የቁጥሩ ጥቅም ነው።

ሦስተኛው ወባ ነው። በቆቃ ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች በሐይቁ አጠገብ ያሉ መንደሮች ራቅ ካሉት ይልቅ በወባ እንደሚጠቁ አሳይተዋል። አስተላላፊዋ ትንኝ የምትናደፈው ከምሽት ጀምሮ ስለሆነ፣ ከቀትር በኋላ በጊዜ ወጥቶ ሳይመሽ አዳማ መግባት ዋናው መከላከያ ነው። ይህ ሰዓት ጉማሬው ከውኃ ከሚወጣበት ጊዜም ያስቀድማል። ነገር ግን የወባ ምልክት ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በኋላ ስለሚታይ ሥጋቱ በአውቶቡሱ መመለስ አያበቃም። በቀጣዮቹ ሳምንታት ልጁ ቢያተኩሰው ወላጁ ለጤና ባለሙያ «ቆቃ ሄዶ ነበር» ብሎ እንዲናገር አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

አራተኛው ጉዞው ነው፤ ብዙ ጊዜ በደብዳቤ ላይ በአንድ መሥመር የሚታለፈው፣ ተማሪዎቹ ግን ለረጅም ሰዓት የሚጋለጡበት ሥጋት ይኸው ነው። ለአስተዳደሩ መቅረብ ያለበት የአውቶቡሱ የመቀመጫ ብዛት፣ የዓመታዊ ምርመራው ቦሎ፣ የመድን ማስረጃውና የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ደረጃ ነው። 46 ተጓዦች ካሉ 46 መቀመጫ ያስፈልጋል። በትርፍ የሚጫን ልጅ፣ በሌላ ልጅ ጭን ላይ የሚቀመጥ ልጅ አይኖርም። ይህ ደንብ የሚፈርሰው በመሳፈሪያው ጠዋት፣ ያልተመዘገበ ታናሽ ወንድም ወይም የመምህር ልጅ ሲመጣ ስለሆነ፣ በደብዳቤው ላይ አስቀድሞ መጻፉ መሪውን መምህር ከዕለቱ ይሉኝታ ያድነዋል።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት አስቀድሞ የሚደረግ የቦታ ቅኝት ይመጣል። ግድቡና የኃይል ማመንጫው የሚጠበቁ ተቋማት በመሆናቸው ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የመግቢያ ፈቃድ ማግኘትና ፎቶ የማንሣት ክልከላን ማጣራት ያስፈልጋል። መሪው መምህር በዚሁ ቅኝት የመቆሚያ ቦታዎችን፣ መጸዳጃውን፣ የስልክ ኔትወርክ የሚጠፋበትን ስፍራና ቅርብ የጤና ተቋሙን አይቶ ይመዘግባል። ቅኝት ሳይደረግ የተጻፈ የሥጋት ዝርዝር ከሌላ ደብዳቤ የተገለበጠ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ይታወቃል፤ ለየትኛውም ሐይቅ፣ ለየትኛውም ሙዚየም የሚሆን ቃል ብቻ ይይዛልና።

4. ክትትል፦ ቁጥሩ ከክፉው ሰዓት ይነሣል

የክትትል ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ በጥምርታ ይመለሳል፦ ለዚህን ያህል ተማሪ አንድ መምህር። ጥምርታው ሁሉም ነገር ደኅና በሆነበት ሰዓት ይሠራል። ነገር ግን የአዋቂዎች ብዛት መወሰን ያለበት አንድ ነገር በተበላሸበት ሰዓት በሚያስፈልገው ልክ ነው።

40ዎቹ ተማሪዎች በአራት ቡድን ቢከፈሉ ለእያንዳንዱ 10 ተማሪ አንድ ተጠሪ አዋቂ ይደርሰዋል። ይህ አራት ነው። መሪው መምህር የራሱ ቡድን ሊኖረው አይገባም፤ የራሱን 10 ልጆች የሚጠብቅ ሰው ከሾፌሩ፣ ከጥበቃውና ከስልኩ ጋር ያለውን ሥራ መሥራት አይችልም። ስለዚህ አምስት ይሆናል። አሁን አንድ ልጅ ወድቆ እጁ ተሰበረ እንበል። አንድ አዋቂ አብሮት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። የሚሄደው የቡድን ተጠሪው ከሆነ ዘጠኝ ልጆች ያለ ተጠሪ ይቀራሉ፤ መሪው ከተካው ጉዞው ያለ መሪ ይቀራል። ስድስተኛው አዋቂ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሣጥኑን የሚይዘውና ከታመመ ልጅ ጋር የሚሄደው እርሱ ነው። ሰባተኛው በአዳማ ይቀራል፤ የተማሪዎቹን ስምና የወላጆችን ስልክ ይዞ ጉዞው እስኪመለስ ድረስ ስልኩን ይጠብቃል። ሴት ተማሪዎች ስላሉ ከተጓዦቹ አዋቂዎች መካከል ከአንድ በላይ ሴቶች ይኖራሉ።

ቆጠራውም ሥርዓት ይፈልጋል። «አርባ ናቸው፣ ሙሉ ናቸው» የሚል የጅምላ ቆጠራ ያሳስታል፤ በቦታው ሌላ ትምህርት ቤት ካለ የሌላው ልጅ ተቆጥሮ የራስ ልጅ ሊጎድል ይችላል። ስለዚህ ተጠሪው የቡድኑን 10 ልጆች በስም ጠርቶ ውጤቱን ለመሪው ይነግራል፤ መሪው አራቱን ሳይሰማ ሾፌሩ ሞተር አያስነሣም። ይህ ሲሳፈሩ፣ ሲደርሱ፣ ከእያንዳንዱ መቆሚያ ሲነሡና ሲመለሱ ይደገማል። በደብዳቤው ላይ «ክትትል ይደረጋል» ከሚለው ይልቅ «ተጠሪው በስም ይጠራል፤ መሪው ያረጋግጣል» የሚለው ሐረግ አጭር ቢሆንም በዕለቱ ሊጠየቅ የሚችል ሰው አለው።

5. የወላጅ ፈቃድ፦ ከፊርማ በፊት ያለው ዕውቀት

በተለመደው ቅጽ ላይ ብዙ ጊዜ ይህን የመሰለ ቃል ይገኛል፦ «ልጄ በጉብኝቱ እንዲሳተፍ ፈቅጃለሁ፤ ለሚደርሰው ማንኛውም ጉዳት ትምህርት ቤቱ ተጠያቂ አይሆንም።» ይህ ዐረፍተ ነገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ፊርማ ያስራል። የመጀመሪያው ፈቃድ ነው፤ ሁለተኛው ከኃላፊነት መሸሽ ነው።

ሁለተኛው ክፍል የሚታሰበውን ያህል አይሠራም። ከቆቃ ግድብ ጋር በአንድ ዓመት፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን እንዲክስ ይደነግጋል፤ ጥፋት መኖሩ የሚመዘነውም፣ ቁጥር 2030 እንደሚያመለክተው፣ ከአስተዋይ ሰው በሚጠበቀው ጠባይ ነው። የወላጅ ፊርማ ልጁን ያለ ተጠሪ በውኃ ዳር የተወን መምህር አስተዋይ አያደርገውም። በሌላ በኩል ሐረጉ ጉዳት አለው፤ ወላጁ ትምህርት ቤቱ ከወዲሁ ራሱን እያዳነ መሆኑን ይረዳል፤ መምህሩም ፊርማው እንደሚጠብቀው አምኖ ሊዘናጋ ይችላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ የተደነገገውም ተቋሙ ራሱን ሳይሆን ልጁን እንዲያስቀድም ነው።

ፈቃድ ፈቃድ የሚሆነው ወላጁ የሚፈቅደውን ሲያውቅ ነው። ስለዚህ ቅጹ ከላይ የተዘረዘሩትን አራት ሥጋቶች፣ የተወሰዱትን ውሳኔዎች፣ የመነሻና የመመለሻ ሰዓቱን፣ የመሪውን ስልክ ይይዛል። ከወላጁ ደግሞ ትምህርት ቤቱ የማያውቀውን ይጠይቃል፦ ልጁ አስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም አለርጂ አለበት ወይ፣ የሚወስደው መድኃኒት አለ ወይ፣ ሲመለስ ማን ይቀበለዋል። በድንገተኛ አደጋ ወደ ጤና ተቋም እንዲወሰድ የሚሰጠው ፈቃድም ለብቻው ይጠየቃል።

በአዳማ ሁለት ተጨማሪ ነገሮች ይታሰባሉ። አንደኛው ቋንቋ ነው፤ ቅጹ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጎን ለጎን ካልተዘጋጀ፣ ወላጁ ልጁ ያነበበለትን፣ ማለትም መሄድ የሚፈልገው ልጅ የተረጎመለትን ይፈርማል። ማንበብ ለማይችል ወላጅ ከትምህርት ቤቱ አንድ ሰው በስልክ ወይም በአካል ያስረዳል፤ ማን መቼ እንዳስረዳም በቅጹ ላይ ይጻፋል። ሁለተኛው «አልፈቅድም» የሚለው አማራጭ ነው። ቅጹ ይህ ሣጥን ከሌለው፣ ወይም ያልሄደ ተማሪ የዕለቱን ማርክ የሚያጣ ከሆነ፣ ወይም የጉዞው መዋጮ ከፈቃዱ ጋር ታስሮ ችግረኛው ወላጅ ድህነቱን ከመናገር ይልቅ ዝም የሚል ከሆነ፣ የተገኘው ፊርማ ነፃ አይደለም። ለማይሄዱት በዕለቱ በትምህርት ቤት በካርታና በሥዕል የሚሠሩት ተመጣጣኝ ሥራ ይዘጋጃል፤ መዋጮውም በሌላ ወረቀት ይጠየቃል።

6. እንደገና የተጻፈው ደብዳቤ

እነዚህ ነጥቦች ገብተውበት ደብዳቤው እንደሚከተለው ሊጻፍ ይችላል፦

«ለርዕሰ መምህር ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ የ7ኛ ክፍል 40 ተማሪዎችን ወደ ቆቃ ግድብ ለማስጎብኘት ፈቃድ ስለመጠየቅ። ተማሪዎቹ ስለ ኤሌክትሪክ ኃይልና ስለ አፈር መሸርሸር የተማሩትን በቦታው እንዲያዩ ከጠዋቱ 2፡00 ተነሥተን ከቀኑ 9፡00 ከቆቃ ለመመለስ አቅጃለሁ። ቦታውን አስቀድሜ ጎብኝቼ አራት ሥጋቶችን መዝግቤያለሁ፤ ዝርዝራቸው፣ የተወሰነው እርምጃና የእያንዳንዱ ተጠሪ ስም በአባሪ 1 ተያይዟል። ወደ ውኃው ጠርዝ መውረድና የጀልባ ጉዞ በመርሐ ግብሩ የሉም። ስድስት አዋቂዎች አብረው ይጓዛሉ፤ አንድ መምህር በትምህርት ቤት ስልክ ይጠብቃል (አባሪ 2)። የወላጆች ቅጽ በሁለት ቋንቋ ተዘጋጅቷል (አባሪ 3)፤ ቅጹን ከጽሕፈት ቤቱ ይሁንታ በኋላ አሠራጫለሁ፤ ከጉዞው ሦስት ቀን በፊት በእጄ ያልገባ ቅጽ እንዳልተፈቀደ ይቆጠራል። የአውቶቡሱ ማስረጃ ካልተሟላ ወይም ከስድስቱ አዋቂዎች አንዱ ከቀረና ተተኪ ካልተገኘ ጉዞውን እሰርዛለሁ። ጽሕፈት ቤቱ ዕቅዱን መርምሮ ውሳኔውን በጽሑፍ እንዲያሳውቀኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ግልባጭ፦ ለወላጅ መምህር ኅብረት።»

ትሕትናው አልጠፋም፤ «በትሕትና እጠይቃለሁ» በቦታው አለ። የተለወጠው «አቅጃለሁ»፣ «መዝግቤያለሁ»፣ «እሰርዛለሁ» የሚሉት ግሦች አድራጊ ማግኘታቸው ነው። የወላጆች ቅጽ ከአስተዳደሩ ይሁንታ በኋላ የሚሠራጭበት ምክንያትም አለ። ልጆቹ ለጉዞው ከተዘጋጁና መዋጮ ከተሰበሰበ በኋላ ደብዳቤው ለርዕሰ መምህሩ ሲደርስ «አይሆንም» ማለት ይከብዳል፤ የቅደም ተከተሉ መገልበጥ የአስተዳደሩን ውሳኔ ያስቀድምበታል። ከሁሉ በላይ ግን የመሰረዣው ዐረፍተ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ጉዞው በምን ሁኔታ እንደሚቀር በጽሑፍ ያልተወሰነ ከሆነ፣ በመነሻው ጠዋት በ40 የጓጉ ልጆች ፊት መወሰን እጅግ ከባድ ነው።

7. የአስተዳደሩ ድርሻ

ደብዳቤው እንዲህ ሲጻፍ ውሳኔ ሰጪውም ይታሰራል። በኅዳጉ ላይ «ይፈቀድ» ብቻ ብሎ መምራት ለሁሉም አባሪ ኃላፊ መሆን ነው። ርዕሰ መምህሩ አባሪዎቹን አንብቦ «ተተኪው አዋቂ ማን ነው?» ብሎ ሊመልሰው፣ በቅድመ ሁኔታ ሊያጸድቀው ወይም ሊከለክለው ይችላል። መልሱ በጽሑፍ መሆኑ መምህሩንም ይጠብቃል፤ በቃል የተፈቀደ ጉዞ አደጋ ሲደርስ የመምህሩ የግል ጉዞ ሆኖ ሊቀር ይችላልና።

የዚህ አካሄድ ገደብም መታወቅ አለበት። ዝርዝሩ ከበዛ መምህራን ጉብኝትን ጭራሹን ሊተዉ፣ ወይም አንድ ጊዜ የተጻፈውን አባሪ በየዓመቱ ቀኑን ብቻ እየለወጡ ሊያቀርቡ ይችላሉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ አደገኛ ነው፤ የተሟላ የሚመስል ወረቀት የድሮውን «አስፈላጊው ጥንቃቄ» በአዲስ መልክ ይመልሰዋልና። ለዚህ የሚያገለግለው ማረጋገጫ የቅኝቱ ቀንና የቃኚው ስም በአባሪ 1 ራስጌ ላይ መስፈሩ ነው። ቀኑ ያለፈው ዓመት ከሆነ ደብዳቤው ለጸሐፊው ይመለሳል።